የሐሙሱ አካውንቲንግ ሌክቸር በካርድ፦ የባሕር ዳሯ ጽህፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ሐምሌ 2017

ሌክቸሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ምሳሌ ነው የሄደው። ባሕር ዳር ውስጥ ጽህፈት መሣሪያ የምትሸጥና ፎቶ ኮፒ የምታነሳ፣ ቫት ላይ የተመዘገበች ሱቅ፤ መምህራችን የፈጠሯት ናት። እኔ ኢንትሪዎቹን በካርድ ቆራርጫቸዋለሁ። መጀመሪያ ጥያቄውን ብቻ አንብቡ፣ ወረቀት ላይ ዴቢትና ክሬዲቱን ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ዝም ብሎ ማንበብ ፈተና ላይ አያዋጣም። ዊዝሆልዲንግ የለበትም፣ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው የተባለው።

ካርድ 1 (ሐምሌ 1)
ባለቤቷ 400,000 ብር ከኪሷ አውጥታ በሱቁ ስም ባንክ አስገባች።

ዴቢት፦ ባንክ 400,000
ክሬዲት፦ ካፒታል 400,000

ለምን? ባንክ አሴት ነው፣ ጨመረ፣ ስለዚህ ዴቢት። በሌላው በኩል ገቢ ብለው የሚጽፉ አሉ። ሱቁ ምን ሸጦ ነው ገቢ ያገኘው? ገንዘቡ የባለቤቷ ድርሻ ነው፣ ስለዚህ ካፒታል።

ካርድ 2 (ሐምሌ 1)
የ6 ወር ኪራይ 90,000 ብር በአንዴ ተከፈለ። አከራዩ ቫት ላይ አልተመዘገበም።

ዴቢት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 90,000
ክሬዲት፦ ባንክ 90,000

ለምን? ገንዘቡ ወጥቷል፣ ግን ሱቁ ገና አንድ ቀን እንኳን ቤቱን አልተጠቀመበትም። ሱቁ 6 ወር የመቀመጥ መብት ነው የገዛው፣ መብት ደግሞ አሴት ነው። ወጪ የሚሆነው ወሩ ሲያልቅ ነው፣ እሱም ካርድ 7 ላይ ይመጣል። የሌክቸሩ ግማሽ እዚህች ነጥብ ላይ ነው ያለው፦ ብር የወጣበት ቀንና ወጪው የተፈጠረበት ቀን ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

ካርድ 3 (ሐምሌ 2)
ፎቶ ኮፒ ማሽን ቫትን ጨምሮ በ138,000 ብር ተገዛ፣ ከባንክ ተከፈለ።

ዴቢት፦ ማሽን 120,000
ዴቢት፦ የግዢ ቫት 18,000
ክሬዲት፦ ባንክ 138,000

ለምን? ቫቱን ለማውጣት 138,000 በ1.15 ይካፈላል፣ 120,000 ይመጣል። የ138,000ን 15 በመቶ አስልቶ መቀነስ ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም 15 በመቶው የተሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 18,000ው የማሽኑ ዋጋ ውስጥ የማይገባው ሱቁ ከሚሰበስበው የሽያጭ ቫት ላይ ስለሚያቻችለው ነው። ሱቁ ቫት ላይ ባይመዘገብ ኖሮ ሙሉው 138,000 ማሽን ላይ ያርፍ ነበር። ይህቺን ልዩነት መምህራችን ሁለት ጊዜ ደግመዋታል፣ ልብ በሉ።

ካርድ 4 (ሐምሌ 5)
የ80,000 ብር ወረቀትና ደብተር በዱቤ ተገዛ፣ ቫት ሲጨመር 92,000።

ዴቢት፦ ስቶክ 80,000
ዴቢት፦ የግዢ ቫት 12,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 92,000

ለምን? ደረሰኙና ዕቃው እጃችን ገብቷል፣ ዕዳ አለብን። ባንክ አልተነካም።

ካርድ 5 (ሐምሌ 14)
ለአንድ ትምህርት ቤት የ50,000 ብር ዕቃ በዱቤ ተሸጠ፣ ቫቱ 7,500። ዕቃው ለሱቁ የፈጀው ዋጋ 32,000 ነው።

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 57,500
ክሬዲት፦ የሽያጭ ገቢ 50,000
ክሬዲት፦ የሽያጭ ቫት 7,500

ዴቢት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 32,000
ክሬዲት፦ ስቶክ 32,000

ለምን? አንድ ሽያጭ ሁለት ነገር ያደርጋል፣ ስለዚህ ኢንትሪውም ሁለት ነው። አንደኛ ገቢ ተፈጠረ፤ ብሩ ገና አልመጣም ግን ዕቃው ተላልፏል፣ ትምህርት ቤቱም ተበድሯል። ሁለተኛ መደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃ ወጣ። ሁለተኛውን ከረሳችሁት ትርፉ በ32,000 ይጋነናል፣ ስቶኩም የሌለ ዕቃ ያሳያል። 7,500ው ገቢ አይደለም፣ የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ሱቁ ተቀብሎ አስተላላፊ ነው።

ካርድ 6 (ሐምሌ 16)
አንድ የሥልጠና ማዕከል ከሐምሌ ጀምሮ ለ3 ወር የፎቶ ኮፒ አገልግሎት 34,500 ብር ቫትን ጨምሮ በቅድሚያ ከፈለ፣ ደረሰኝም ተቆረጠለት። በየወሩ እኩል መጠን ይነሳለታል።

ዴቢት፦ ባንክ 34,500
ክሬዲት፦ በቅድሚያ የተሰበሰበ ገቢ 30,000
ክሬዲት፦ የሽያጭ ቫት 4,500

ለምን? የካርድ 2 ተቃራኒ ነው። እዚያ እኛ ቀድመን ከፈልን፣ እዚህ እኛ ቀድመን ተቀበልን። ስሙ ገቢ የሚል ስላለበት አትሸወዱ፣ ላያቢሊቲ ነው፤ ሥራው ካልተሠራ ብሩ ይመለሳላ። ቫቱ ግን ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ክፍያውን ተቀብለን ደረሰኙ ስለተቆረጠ በዚሁ ወር ይታወቃል።

ካርድ 7 (ሐምሌ 30፣ ማስተካከያ)
የአንድ ወር ኪራይ፣ የማሽኑ የአንድ ወር እርጅና (5 ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ የለውም) እና የተሠራው የማዕከሉ ሥራ።

ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 15,000
ክሬዲት፦ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 15,000

ዴቢት፦ የእርጅና ወጪ 2,000
ክሬዲት፦ የተጠራቀመ እርጅና 2,000

ዴቢት፦ በቅድሚያ የተሰበሰበ ገቢ 10,000
ክሬዲት፦ የአገልግሎት ገቢ 10,000

ለምን? ሦስቱም ላይ ባንክ የለም። ማስተካከያ ላይ ባንክ ከጻፋችሁ ቆም ብላችሁ እንደገና እዩት። እርጅናው 120,000 ለ60 ወር ነው። ክሬዲቱ ቀጥታ ማሽን ላይ የማይጻፈው የተገዛበት ዋጋ ሳይነካ እንዲታይ ነው፣ የተጠራቀመው ለብቻው ይቀነሳል።

ካርድ 8 (ሐምሌ 30)
የሠራተኛዋ ደመወዝ 20,000፣ ገና አልተከፈለም። የሥራ ግብሩ 4,950፣ ጡረታ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ ከአሠሪ 11 በመቶ።

ዴቢት፦ የደመወዝ ወጪ 20,000
ዴቢት፦ የአሠሪ ጡረታ ወጪ 2,200
ክሬዲት፦ ተከፋይ የሥራ ግብር 4,950
ክሬዲት፦ ተከፋይ ጡረታ 3,600
ክሬዲት፦ ተከፋይ ደመወዝ 13,650

ለምን? ብዙ ሰው የሚምታታበት ካርድ። ወጪው 13,650 አይደለም። ግብሩና 7 በመቶው (1,400) የሠራተኛዋ ገንዘብ ናቸው፣ ሱቁ ቆርጦ ያስገባላታል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። 11 በመቶው ግን ከደመወዙ በላይ የሱቁ የራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ አንዲት የ20,000 ብር ሠራተኛ ለሱቁ 22,200 ታስወጣዋለች።

ካርድ 9 (ሐምሌ 30)
የወሩ ቫት ይቻቻል።

ዴቢት፦ የሽያጭ ቫት 12,000
ክሬዲት፦ የግዢ ቫት 12,000

ለምን? የግዢ ቫቱ 30,000 ነው፣ የሽያጩ 12,000። ሱቁ የሚከፍለው የለም፣ 18,000ው ወደ ነሐሴ ይተላለፋል።

ካርድ 10 (ነሐሴ 3)
ትምህርት ቤቱ 57,500ውን ባንክ አስገባ። የነሐሴ ገቢ ስንት ጨመረ?

ዴቢት፦ ባንክ 57,500
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 57,500

ምንም። ገቢው ሐምሌ 14 ተመዝግቧል፣ እዚህ አንዱ አሴት በሌላ ተተካ።

ማመሳከሪያ (ሐምሌ 30፣ ከካርድ 10 በፊት)
ባንክ 206,500። ገቢ 60,000፣ ወጪ 71,200፣ ኪሳራ 11,200። ጠቅላላ አሴት 523,000፣ ዕዳ 134,200፣ የባለቤቷ ድርሻ 388,800። ባንክ ላይ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ እያለ ሱቁ ከስሯል፣ ለምን እንደሆነ ካርድ 1ንና ካርድ 6ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የእናንተ ድምር ከዚህ በ18,000 ከበለጠ ወይም ካነሰ ካርድ 3 ላይ ቫቱን ፈልጉ።