የጥቅምት ወር ምርጥ ሠራተኛ፦ ሰላማዊት ከመጋዘን ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ፣

የጥቅምት ወር ምርጥ ሠራተኛችን ሰላማዊት ናት። መስፈርቶቹ ሦስት ነበሩ፦ ሰዓት ማክበር፣ ከ2 ያልበለጠ የቆጠራ ስህተት፣ ባልደረባን ማገዝ። አንድም ቀን አላረፈደችም። የቆጠራ ስህተቷም ዜሮ ነው።

ይበልጥ ያስመረጣት ግን ሦስተኛው ነው። ሁለት ዓይነት ካርቶኖች እየተመሳሰሉብን ስንቱን ዕቃ አሳስተን እንደላክን ታውቃላችሁ። እሷ እንዲለዩ በየመደርደሪያው ቀይና ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፈች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት የተመለሰ ዕቃ የለም። (ፕላስተሩን ከኪሷ ነው የገዛችው፤ ሒሳብ ክፍል ይመልስላታል።) በወር መጨረሻው ጥድፊያም ሁለቱን አዲስ ሠራተኞች አጠገቧ አቁማ ደረሰኝ ከዕቃ ጋር ማመሳከር አሳይታቸዋለች።

የምስክር ወረቀቷንና የአንድ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ አርብ በሻይ ሰዓት እንሰጣታለን። ሰላምዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!

የሰው ሀብት ክፍል