ስለ እኔና ስለ ሥራዬ

ምናልባት የሚያስተረጉሙት ሰነድ ሲኖርዎት ይህ የመጀመሪያዎ ይሆናል። ወረቀቱን ይሰጡኛል፤ እኔ ደግሞ እርስዎ በማያነቡት ቋንቋ ጽፌ እመልስልዎታለሁ። ታዲያ ደህና መሠራቱን በምን ያውቃሉ? «ግድ የለም፣ ይመኑኝ» ብዬ አላልፈውም።

የምተረጉመው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ ነው። በዚህ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። በብዛት የሚመጣልኝ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና ውል ነው። ግጥም አልነካም። የሕክምና ሰነድም አልቀበልም፤ ሙያው የሌለኝን ነገር በግምት መሥራት አልወድም።

ቋንቋውን ባይችሉም ራስዎ የሚፈትሹት አለ። ስምዎ ፓስፖርትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ መሆኑን ያመሳክሩ። ቁጥሮቹን ይቁጠሩ። ከሁሉም በላይ ቀኖቹን ይዩ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 8 መደመር ብቻ አይበቃም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21፣ በአብዛኛው ዓመት ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልደቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው እንጂ 1993 አይደለም። አንድ ዓመት ተሳስቶ የገባ ማመልከቻ ምን ያህል እንደሚያንከራትት የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ የቀጠሮ ደብዳቤ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለውን ወደ 9 ሳልቀይር ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጥኩት። ደግነቱ ደንበኛዬ ግራ ገብቷት ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓትና ቀን ለብቻው እንደገና ሳላይ ሥራ አላስረክብም።

ሥራውን ስጀምር በጥያቄ አስቸግርዎታለሁ፤ እንዳይሰለቹ። እንግሊዝኛው «ከዝን» ካለ የአጎት ልጅ ይሁን የአክስት፣ ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም። «ዩ» ብሎ የጻፈው ሰው አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ እያለ እንደሆነ ከእርስዎ መስማት አለብኝ። ምንም ሳይጠይቅ ረጅም ሰነድ የሚያስረክብ ተርጓሚ እኔን ያሠጋኛል።

ረቂቁን ጨርሼ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር አስተያየዋለሁ። ከዚያ ሌላ ተርጓሚ ያነበዋል፤ ሰነዱ ለሌላ ሰው እንዲታይ ካልፈለጉ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ። ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ካለዎትም ያሳዩት፣ ቅር አይለኝም። የኔ ስህተት ከተገኘ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አርማለሁ።

አንድ ነገር ግን ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ። ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ትርጉም ይፈልግ እንደሆነ፣ ማረጋገጫውንም ከማን እንደሚቀበል ይጠይቁ። የኔ ፊርማ የማይበቃ ከሆነ ሥራውን አልወስድም።

ለመጀመር የሰነዱን ጥርት ያለ ፎቶ ከነማኅተሙና ከነጀርባው ይላኩልኝ። አይቼ ዋጋውንና የማስረክብበትን ቀን በጽሑፍ እነግርዎታለሁ።