ለደንበኞቻችን፦ ባትሪ ከማስቀየራችሁ በፊት ቁጥሩን እንየው

ሰሞኑን ሱቁ ከተከፈተ እስኪዘጋ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው። «ባትሪ ሄልዜ 86 ገብቷል፣ ይቀየርልኝ?» ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ስመልስ፣ ለመክፈት ያሞቅኩት ስልክ ይቀዘቅዝብኛል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሙጫው ዞር ብዬ እስክመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ መልሱን ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ከ85 በላይ ከሆነ አታስቀይሩ። ከ80 በታች ከወረደ አስቀይሩ። በመካከል ያለው እንደ ሰው ውሎ ነው።

ቁጥሩን ለማየት አይፎን ላይ Settings ከዚያ Battery ግቡ። Battery Health የሚለውን ስትነኩ Maximum Capacity ከሚለው ጎን ያለው ፐርሰንት ነው። ስልኩ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አሁን ምን ያህሉን ይይዛል ማለት ነው። ከላይ ጥግ ላይ ከምታዩት የቻርጅ ፐርሰንት ጋር አታምታቱት። እሱ ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፤ ይሄኛው ግን ከወረደ ወረደ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። አዲስ ሳለ 10 ሰዓት ይቆይ የነበረ ስልክ 90 ላይ ሲደርስ 9 ሰዓት ገደማ ይቆያል። እሱን በ4,200 ብር ብትቀይሩት አንድ ሰዓት ገዛችሁ። 75 ላይ ሲደርስ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየው። በዚያው 4,200 ብር ሁለት ሰዓት ተኩል ታገኛላችሁ። ብሩ ያው ነው፣ የምትወስዱት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። 88 ላይ ሆናችሁ «አሁኑኑ ቀይርልኝ» ስትሉኝ የምከራከራችሁ ገበያ ጠልቼ አይደለም።

80 የሚለውን ከኪሴ አላወጣሁትም። አፕል ራሱ እስከ አይፎን 14 ድረስ ያሉትን ባትሪዎች 500 ሙሉ ዙር ቻርጅ ተደርገው 80 ፐርሰንት እንዲይዙ ነው የሠራቸው። ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት 1000 ዙር ነው። ዛሬ 60 ፐርሰንት ነገ 40 ብትጠቀሙ፣ ሁለቱ ተደምሮ አንድ ዙር ነው። ሶኬት በሰካችሁ ቁጥር አንድ ዙር የሚቆጠር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም።

ከ80 እስከ 85 ያላችሁ፣ ውሏችሁን ንገሩኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ዶርሟ ሶኬት አለ፣ ላይብረሪም ሶኬት አለ። 81 ላይ ሆና አንድ ሴሚስተር ብትቆይ ምንም አትሆንም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ የባጃጅ ሹፌር፣ ወይም ቀኑን ሙሉ በቴሌብር ብር የሚቀበል ነጋዴ ግን 84 ላይም ቢቀይር ያዋጣዋል። ስልኩ ከጠፋ ገቢውም ይጠፋል።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። ዓምና ከአንኮበር ቁልቁለት የመጣ ሰው «ባትሪው እስከ ምሳ አይደርስም» አለኝ። ሄልዙ 91 ነበር። ሳልጠይቀው ቀየርኩለት። በሳምንቱ ያንኑ ስሞታ ይዞ ተመለሰ። ስጠይቀው ቤቱ ያለበት ቦታ ኔትወርክ አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ባትሪውማ ምንም አልነበረውም። የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት፣ ማታ ማታ ኤሮፕላን ሞድ ላይ እንዲያደርገው ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ከመክፈቴ በፊት የትኛው አፕ እንደሚበላ አያለሁ። ማየቱ ነጻ ነው።

ቁጥሩን የማልሰማበት ጊዜም አለ። ስልኩ 25 ወይም 30 ፐርሰንት እያሳየ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ሄልዙ 84 ቢልም ባትሪው ደክሟል። ካሜራ ሲከፈት ወይም ጥሪ ሲገባ ብዙ ኃይል በአንዴ ይጠይቀዋል፣ እሱ ያንን መስጠት ያቅተውና ስልኩ ይዘጋል። እዚህ ላይ ግን ብርዱን እንለይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት ውጭ ስልኩ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። ብርድ ባትሪን ለጊዜው ያደነዝዘዋል። ደረት ኪስ ውስጥ አስገብታችሁ ሞቅ ሲል መልሳችሁ አብሩት። ሞቅ ካለ በኋላ፣ ቤት ውስጥም የሚጠፋ ከሆነ ያኔ አምጡት።

ያበጠ ባትሪማ 95 ቢልም አይቆይም። ባለፈው አንዲት እናት ስልካቸውን «መስታወቱ ለቀቀ፣ ማጣበቂያ አድርግልኝ» ብለው አመጡ። ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ብደፋው እንደ እንዝርት ይሾራል። ከጎኑ በተከፈተው ስንጥቅ የስክሪኑ መብራት ይታያል። ባትሪው አብጦ ነው ስክሪኑን የገፋው። እንዲህ ያለውን አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ በመርፌ አትውጉት። አጥፍታችሁ አምጡ። ከሸዋሮቢትና ከቆላው ለምትመጡ በተለይ፦ ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል። ፀሐይ ላይ፣ መኪና መስታወት ሥር ቻርጅ አታድርጉ።

አንድሮይድ ያላችሁ «እኔ ጋ ቁጥሩ የለም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ብዙዎቹ አያሳዩም። ሳምሰንግ ላይ Samsung Members የሚባለው አፕ ባትሪው ደህና ነው ወይስ ደካማ ብሎ ይነግራችኋል። ለቴክኖና ኢንፊኒክስ እኔ ጋ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። ከባዶ እስኪሞላ ምን ያህል ኃይል እንደገባ በመለኪያ አያለሁ። ባትሪው ላይ 19 ዋት ሰዓት ተጽፎበት፣ በመንገድ የሚባክነውን ቀንሼ 14 ብቻ ከገባ፣ 74 ፐርሰንት ገደማ ነው። ግምት ነው፣ ግን ለመወሰን ይበቃል።

ያገለገለ ስልክ ገዝታችሁ 100 ቢያሳያችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ቁጥሩን በማሽን የሚያድሱ አሉ። ውስጡ ያው አሮጌ ባትሪ ሆኖ ፊቱ ላይ 100 ይጻፍበታል። የአራት ዓመት አይፎን 100 ብሎ ከሰዓት በፊት ካለቀ፣ ወይ በማይረባ ባትሪ ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። እኔ ቁጥር አልነካካም። ከኤክስ አርና ኤክስ ኤስ ወዲህ ባሉት አይፎኖች ከአፕል ያልመጣ ባትሪ ስገጥም ስልኩ ባትሪውን አላወቅኩትም የሚል መልእክት ያወጣል፣ ፐርሰንቱንም ላያሳይ ይችላል። ቀድሜ እነግራችኋለሁ፣ በኋላ እንዳንጣላ።

ስልኩ ራሱ የባትሪውን ወጪ የማያወጣ ከሆነም እነግራችኋለሁ። የባትሪው ዋጋ ስልኩ ዛሬ ከሚሸጥበት ሩቡን ካለፈ፣ 70 ቢሆንም ቆም ብላችሁ አስቡ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ቻርጅ ማድረጊያው የላላ ከሆነማ ብሩን ለሚቀጥለው ስልክ ያዙት።

የዛሬ ዋጋ ከነእጅ፦ ቴክኖና ኢንፊኒክስ 1,400፣ ሳምሰንግ ኤ 1,800፣ አይፎን 11 4,200 ብር። ከመርካቶ በምናመጣበት ዋጋ ሊለዋወጥ ይችላል። ዋስትናው ሦስት ወር ነው፤ ውኃ የገባበትንና የወደቀውን አይጨምርም። አሮጌውን ባትሪ ቤት ወስዳችሁ ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ እሳት ውስጥም እንዳትጥሉት። እኔው ጋ ይቅር።

የአይፎን 12 ባትሪ አልቋል። ሐሙስ ከሰዓት ይገባል።