ሚስስ ዳሎዌይ ከበር ማጠፊያ ተነስታ የት ደረሰች?

የገጸ ባህሪን ሀሳብ በጭንቅላቷ ወይም በጭንቅላቱ እንደሚፈሰው የሚጽፈው ስትሪም ኦፍ ኮንሺየስነስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ነጥብም ሰረዝም የሌለው ጽሁፍ ነው። ጥፋቱ የደራሲው የጄምስ ጆይስ ይመስለኛል፣ "ዩሊሲስ" (እ.ኤ.አ 1922) መጨረሻ ላይ ሞሊ ብሉም አልጋዋ ላይ ተጋድማ የምታስበውን በስምንት ዓረፍተ ነገር ብቻ ገጽ በገጽ ሲነዳው ስርዓተ ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። ቨርጂኒያ ዉልፍ ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደችው፣ ልብ ወለዷ "ሚስስ ዳሎዌይ" (1925) የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድርብ ሰረዙ፣ ቅንፉ፣ ጭረቱ መአት ነው፣ ሀሳቡ የት ጋ እንደዘለለ የሚያሳብቀውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ምንም የሚገርም ነገር የለም። ሚስስ ዳሎዌይ አበባውን ራሴ እገዛለሁ አለች፣ ምክንያቱም ሉሲ ስራ በዝቶባታል፣ በሮቹም ከማጠፊያቸው ሊነቀሉ ነው፣ ማታ ፓርቲ አለ። ያቺ "ምክንያቱም" ላይ ግን ቆም በሉ። ሉሲ ማን እንደሆነች ለእኛ የነገረን የለም፣ ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ተራኪ እንዲህ አይጀምርም፣ ለራሷ እያሰበች ያለች ሴት ናት እንዲህ የምትለው። ተውላጠ ስሙ "እሷ" እንደሆነ ቀርቷል፣ አስተሳሰቡ ግን "እኔ" ሆኗል። ወዲያው ደግሞ ስሟ ይቀየራል፣ "ሚስስ ዳሎዌይ" የነበረችው "ክላሪሳ ዳሎዌይ አሰበች" ትባላለች፣ ከውጪ ወደ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

ከዛ ሁለት አጭር ቃለ አጋኖ፣ ግስ የሌላቸው፦ እንዴት ያለ ጨዋታ! እንዴት ያለ መወርወር! የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርሱት ለንደን ሳይሆን ቦርተን ናችሁ፣ ልጅ ሆና የኖረችበት የገጠር ቤት። በምን ሄድን? በማጠፊያ። እዚህ የሚነቀሉት በሮች ማጠፊያ ነበራቸው፣ እዛም በረንዳ የሚያስወጣውን የመስታወት በር ስትበረግደው ማጠፊያው ሲጥ ይል ነበር። ዉልፍ "ማጠፊያው አስታወሳት" ብትል ኖሮ ይበላሽ ነበር፣ እሷ ግን ድምጹን በሁለት ነጠላ ሰረዝ መሃል ሸጉጣ "አሁን የሚሰማትን" የሚል ትጨምርበታለች። ግሱ የድሮ ድሮ ነው፣ መሃሉ ላይ "አሁን" ተቀምጧል። ቦርተን የሚለው ስም ደግሞ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ስለዚህ አንባቢው የት እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚደርሰው። "መወርወር" የምትለዋ ቃል እንኳን ቀድማ ነው የመጣችው፣ ዛሬ ጠዋትን እያደነቀች ይመስለናል፣ ቀጥሎ ግን ቦርተን ላይ ወደ አየሩ የተወረወረችው ልጅ ናት። (መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ይቺን ቃል ጦርነቱ አእምሮውን የጎዳው የቀድሞ ወታደር ሴፕቲመስ ከመስኮት ሲዘል መልሶ ያስባታል፣ ክላሪሳ ራሷ ስለሱ ሞት ስታሰላስል ያንኑ ግስ ነው የምትጠቀመው።)

ከዛ ያ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፣ የምወደው እሱን ነው። የሰዋስው ባለቤቱ አየሩ ነው፣ አየሩ ምን ያህል ንጹህ፣ ምን ያህል ጸጥ ያለ ነበር ይላል፣ ከዛ ድርብ ሰረዝ፣ የማዕበል ምት፣ ድርብ ሰረዝ፣ የማዕበል መሳም፣ እያለ ሲሄድ ሳናስተውለው "እየተሰማት"፣ "እያየች"፣ "ቆማ" የሚሉት ይከተላሉ። አየር አይሰማውም፣ አያይምም፣ ባለቤቱ መሃል ላይ ተቀይሯል። የሰዋስው አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበት ነበር፣ ግን በአየሩና በልጅቷ መሃል ድንበር እንደሌለ የሚነግረን ይሄው ስህተት የሚመስለው ነገር ነው። "በርግጥ ከዚህኛው የበለጠ ጸጥ ያለ" የሚለውም አለ፣ "ይህኛው" የለንደኑ አየር ነው፣ ቦርተን ቆማ አንድ እግሯ አሁን የምትኖርበት የለንደን ሰፈር፣ ዌስትሚንስተር ነው። ቅንፍ ውስጥ ደግሞ ያኔ የአስራ ስምንት አመት ልጅ እንደነበረች ይነገረናል፣ ይሄን የምታስበው ሀምሳን ያለፈች ሴት ናት፣ ቅንፉ የእሷ የአሁን ድምጽ ነው።

እና ያ ሁሉ ማዕበል፣ አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው የሚለው ስሜት፣ ጭሱ፣ የሚነሱት የሚወርዱት ቁራዎች የድሮ ወዳጇ ፒተር ዋልሽ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል፣ አትክልት መሃል ትተክዢያለሽ እንዴ? አላት፣ ከአበባ ጎመን ሰው ይሻለኛል አላት። በሁለቱም ላይ "እንደዛ ነበር እንዴ?" የሚል ጥያቄ አለ፣ የመጀመሪያው በጭረት ታጥሮ። ትምህርተ ጥቅስ ማለት ቃል በቃል ነው ማለት አይደል? እሷ ግን የጠቀሰችውን ሳትጨርስ መጠራጠር ትጀምራለች።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ፒተር ከህንድ ሊመጣ መሆኑን፣ ሰኔ ይሁን ሐምሌ እንደረሳችው፣ ደብዳቤዎቹ ደባሪ እንደሆኑ ታስባለች፣ አይኑ፣ የኪስ ቢላው፣ ፈገግታው በነጠላ ሰረዝ ይደረደራሉ፣ ሚሊዮን ነገር ጠፍቶ የሚቀረው ስለ ጥቅል ጎመን የተባለች እንዲህ ያለች ንግግር ናት ትላለች። ጥቅል ጎመን! ቅድም አበባ ጎመን ነበር እኮ። ማንም አያርማትም፣ ተራኪውም ዝም ነው፣ በፍጥነት የሚያነብ ሰው ጭራሽ አያየውም።