የሚኒባስ ሾፌር የጠዋት ጸሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሌሊቱን በሰላም አሳልፈህ ለዚህ ንጋት ያደረስከኝ አምላኬ ተመስገን። ሞተር ሳላስነሳ ቀኑን ላንተ እሰጣለሁ።

ዘይቱን፣ ውሃውን፣ የአራቱንም ጎማ ነፋስ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ያልደረሰበትን አንተ እይልኝ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ በሁለተኛ ማርሽ ለመውረድ ትዕግሥት ስጠኝ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሽ አውጥቼ እንዳልለቀው፣ ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኜ ሸራው ግሎ እንዳይከዳኝ ጠብቀኝ። ዜብራ ላይ እናት ልጇን ይዛ ስትቆም እግሬ ይታዘዝ። በሩ ሳይዘጋ፣ የወረደው ሰው ሁለት እግሩ መሬት ሳይነካ አላንቀሳቅስ።

ዝናብ ሲወርድና ሰልፉ ሲረዝም፣ ፈተናው ያኔ ነውና፣ ከወንበር በላይ ከመጫን፣ መንገድ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ከማስከፈል አድነኝ። ረዳቴም «ዝርዝር የለም» ብሎ የድሃ መልስ አያስቀር። ተራ አስከባሪው ሲጮህብኝ አንደበቴን ያዝልኝ፤ ያመጣብኝን ንዴት ተሳፋሪ ላይ እንዳላራግፍ።

ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ከፊት ቅደም። ከነዳጁና ከባለቤቱ ገቢ የተረፈችውን ለልጆቼ ባርካት፤ ሁላችንንም ለየቤታችን አግባን። አሜን።