ለካታሎጋችን ምስሎች ሁሉ የሚያገለግል የትእዛዝ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ከደሴው ሱቃችን ለሚወጣው የስፌት፣ የሱፍና የሸክላ ዕቃ ካታሎግ ነው። ምስሉን ለሚሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከዕቃው ፎቶግራፍ ጋር ቋሚው አንቀጽ ይላካል፤ የዕቃው አንቀጽ ይከተለዋል። ቋሚው ቃል በቃል ይቀዳል፤ ነጠላ ሰረዙም አይነካ።

ቋሚው አንቀጽ

«በተያያዘው ፎቶግራፍ ላይ ያለው ዕቃ ቅርጹ፣ ቀለሙና ጥለቱ ሳይለወጥ ይቆይ፤ ዳራውና ብርሃኑ ብቻ ይለወጡ። ዳራው ወጥ የክሬም ቀለም #EFE6D6 ይሁን፤ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር አይታይ። ብርሃኑ ከግራ በኩል፣ ከ45 ዲግሪ ከፍታ፣ በስስ መጋረጃ ያለፈ ያህል ለስላሳ ይሁን። ጥላው ወደ ቀኝ ይውደቅ፤ አጭርና ጠርዙ የለዘበ ይሁን። ካሜራው ከዕቃው ወገብ ትይዩ ይቁም፤ እይታው የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሁን። ዕቃው መሀል ላይ ሆኖ ከምስሉ ቁመት 70 በመቶውን ይያዝ። የምስሉ ወርድና ቁመት 4 ለ 5 ይሁን። ከዚህ በታች ካልተጠቀሰ በቀር ሌላ ዕቃ፣ ሰው፣ አበባ፣ ጭስ ወይም ጽሑፍ አይኑር።»

የዕቃው አንቀጽ

መሶብ፦ «ዕቃው ክዳኑ የተገጠመ መሶብ ነው። በአለላ የተሰፋው ጥለት ረድፉም ቁጥሩም እንደ ፎቶግራፉ ይሁን። የአክርማው ጥምጥም አንድ በአንድ ይታይ።»

በርኖስ፦ «ዕቃው በማይታይ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር የሱፍ በርኖስ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ሹል እንደቆመ ይቆይ፤ አይስተካከል። የሱፉ ፀጉር ይለይ፤ ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ አይሂድ።»

ጀበና፦ «ዕቃው በስፌት ማቶት ላይ የተቀመጠ ጥቁር የሸክላ ጀበና ነው። ገጹ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የእሳቱ ጠባሳ አይጥፋ።»

ለሌሎች ዕቃዎችም በዚሁ መጠን ይጻፍ፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። «ውብ»፣ «ባህላዊ»፣ «ጥንታዊ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ልክ የላቸውም፤ መሣሪያው በየጊዜው ሌላ ትርጉም ይሰጣቸዋል፤ አንዱን ምስል ሻማ፣ ሌላውን ቄጠማ ያለብሰዋል። የ70 በመቶው ልክ ጀበናን ከመሶብ እኩል ያስመስለዋል፤ ትክክለኛውን መጠን አያሳይም፤ ነገር ግን የካታሎጉ ገጽ ወጥ የሚሆነው በዚህ ነው። ትክክለኛው ቁመት ከዋጋው ጎን በሴንቲ ሜትር ይጻፍ።

መሣሪያው የዘር ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ሁልጊዜ 4171 ይሰጠው። ይህ ቁጥር በዚያው ትእዛዝ ያንኑ ምስል ለመድገም ይረዳል እንጂ የተለያዩ ዕቃዎችን አያመሳስልም፤ የሚያመሳስላቸው ቋሚው አንቀጽ ነው። የመሣሪያው ስሪት ሲለወጥ አስቀድሞ መሶቡ ብቻ ይሠራና ከጸደቀው ምስል ጎን ይቀመጥ። ዳራው ወይም ጥላው ከተለየ ካታሎጉ በሙሉ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ግማሹን አሮጌ ግማሹን አዲስ ማድረግ አይፈቀድም።

ከማተም በፊት ጥለቱ በፎቶግራፉ ላይ ካለው ጋር ረድፍ በረድፍ ይቆጠር። ሰኞ ባቲ ገበያ ስፌት አገላብጣ የምትገዛ ሴት የተፈለሰፈን ረድፍ ወዲያው ትለየዋለች። አንድ ረድፍ እንኳን ካልገጠመ ምስሉ ተጥሎ ፎቶግራፉ እንዳለ ይግባ።