የላፕቶፕና የፍላሽ መጥፋት ሪፖርት፦ ጎንደር፣ ማክሰኞ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደህንነት ቡድኑ፣

ሰላም። ይህን የምጽፈው ረቡዕ የካቲት 11 ጠዋት 2:30 ላይ ነው። ትናንት በስልክ የነገርኳችሁን በጽሑፍ ላስቀምጥ ብዬ ነው፤ ከማታ ወዲህ ያጣራሁትም ተጨምሮበታል። ትናንት ሁላችንም ስለ ላፕቶፑ ብቻ ስናወራ አመሸን። እኔን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ የነበረው ፍላሽ ነው። ላፕቶፑ ቢያንስ ፓስወርድ አለው። ፍላሹ ምንም የለውም፤ ያገኘው ሰው ሰክቶ ይከፍተዋል፣ አለቀ።

ምን ጠፋ

ጥቁር የላፕቶፕ ቦርሳ ነው። ውስጡ ዴል ላቲቱድ 5420 (የንብረት ቁጥሩ GN-LT-014)፣ ቻርጀር፣ ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ እና የኔ ማስታወሻ ደብተር ነበሩ። ደብተሩ ላይ ፓስወርድ አልጻፍኩም። የመስክ ጉዞ ቀኖችና የቀበሌ ስሞች ናቸው ያሉት።

እንዴት ጠፋ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በኮንትራት ባጃጅ ነበር የመጣሁት። የክንድ መለኪያ ቴፕና ፎርም የያዙ ሁለት ካርቶኖች ይዤ ስለነበር ላፕቶፑን ከመቀመጫው ኋላ አስቀመጥኩት። ፒያሳ ስደርስ ሒሳብ ከፍዬ ካርቶኖቹን አውርጄ ወረድኩ። ባጃጁም ዞሮ በመጣበት ቁልቁል ተመለሰ። የጎን ቁጥሩን አላየሁም። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ግራጫ ጃኬት ለብሷል፤ ከዚህ በላይ አላስታውስም።

ሰዓቶቹ

ከዚህ በታች የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የሰርቨሩ መዝገብ በUTC ስለሆነ ስታመሳክሩ እንዳይምታታባችሁ፦ የእኛ ከቀኑ 8:50 እዚያ 11:50 ተብሎ ነው የሚታየው።

ከባጃጁ የወረድኩት 8:15 ገደማ ነው። ቦርሳው እንደሌለ ያወቅኩት ቢሮ ገብቼ ልሠራ ስል፣ 8:50 ላይ ነው። ከዚያ በቀጥታ መደወል ሲገባኝ ወደ ባጃጅ ተራው ሮጥኩ። ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩ፣ ሁለት ሦስት ሹፌሮችም አነጋገርኩ፣ እንዲህ ስል 20 ደቂቃ ሄደ። ለአይቲ ባለሙያችን የደወልኩት 9:10 ላይ ነው። እነዚያ 20 ደቂቃዎች የኔ ጥፋት ናቸው፤ ሪፖርቱ ላይ እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ።

በ9:14 የተከፈቱት አካውንቶቼ ሁሉ ከየትኛውም መሣሪያ እንዲወጡ ተደረገ። በ9:18 የኢሜይሌ ፓስወርድ ተቀየረ። በ9:25 ላፕቶፑን የሚቆልፍና ዳታውን የሚያጠፋ ትእዛዝ ተላከ፤ ግን ላፕቶፑ ኢንተርኔት ላይ ስላልወጣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ Pending ይላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ተቆልፏል ብላችሁ እንዳትመዘግቡ፤ የተላከው ትእዛዙ ብቻ ነው። የKoboToolbox ፓስወርድ የተቀየረው 9:40 ላይ ነው፤ ብራውዘሩ ላይ ሴቭ አድርጌው እንደነበር ዘግይቼ ነው ያስታወስኩት። ከ8:15 እስከ 9:40 ባለው ጊዜ በኢሜይሌ በኩል የማናውቀው ሰው እንዳልገባ አይቲ መዝገቡን አይቶ ነግሮኛል። የኮቦው መዝገብ ግን ገና አልታየም፤ ዛሬ እንዲታይ እለምናለሁ።

የተነካው ዳታ

በላፕቶፑ ልጀምር። C ድራይቭ በቢትሎከር ተመስጥሯል፣ የመክፈቻ ቁልፉም ቢሮ አለ። D ግን አልተመሰጠረም። ታኅሣሥ ላይ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን C ተመስጥሮ D ተዘለለ። ያኔ አይቲ ሴቭ አድርጎት የነበረው ውጤት ይኸው፦

```
manage-bde -status D:

Volume D: [Data]
    Conversion Status:    Fully Decrypted
    Percentage Encrypted: 0.0%
    Protection Status:    Protection Off
```

ይህ ማለት ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሰው D ላይ ያለውን ያለ ፓስወርድ ያነባል። በዚያ ላይ ላፕቶፑን ክዳኑን ዘጋሁት እንጂ አላጠፋሁትም።

D ላይ አንድ የኤክሴል ፋይል አለ፤ የ412 እናቶች መዝገብ ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆን፣ የልጅ ዕድሜና የክንድ ልኬት ይዟል። መስክ ላይ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ነው ከኮቦ አውርጄ የያዝኩት። ፍላሹ ላይ ደግሞ የዚሁ ፋይል የጥር ወር ቅጂ አለ፣ 268 እናቶች። ሁሉም 412ቱ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ቁጥሩን አትደምሩት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ አለ። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን እናቶቹ የነገሯቸውን በነፃነት የሚጽፉበት ቦታ ነው። ትናንት ማታ ኮቦ ላይ ያለውን ዋናውን አንድ በአንድ አነበብኩት። 61 እናቶች ላይ ጽሑፍ አለ። አንዷ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ተጽፏል፣ አንዷ እርግዝናዋን ለቤተሰቧ ገና እንዳልተናገረች፣ ሌላዋ የምትወስደው መድኃኒት ስም ጭምር። ስልክና ቀበሌ ከጎኑ ስላለ ማን እንደሆነች ለማወቅ ምንም አያስቸግርም። ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ጉዳቱን ስትመዝኑ 412 የሚለውን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ እነዚህን 61 ሴቶች ለብቻ እዩልኝ። 23ቱ ማስታወሻዎች ፍላሹም ላይ አሉ።

የባንክ ሒሳብ፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፎቶ የለም። የሠራተኛ ደመወዝም የለበትም።

እስካሁን የተደረገው

ከላይ ከጻፍኳቸው ሌላ፣ ትናንት 10:30 ላይ ለፖሊስ አመልክቼ ማመልከቻው ተመዝግቧል። የፒያሳና የአዘዞ ተራ አስከባሪዎች ስልኬን ይዘዋል፤ ቦርሳውን ላመጣ ሰው ወረታ እንደምከፍል፣ ምንም እንደማልጠይቀውም ነግሬያቸዋለሁ። ውስጡ የእናቶች መረጃ እንዳለ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እናንተም እባካችሁ ውጭ አታውሩት፣ ዋጋ ያለው ነገር መስሎት የሚከፍተው ሰው እንዳይኖር። የቀሩት አራት ላፕቶፖች D ድራይቭ ዛሬ ጠዋት እየታየ ነው፤ አንዱ ላይ ያው ችግር ተገኝቶ ምስጠራው ተጀምሯል።

ቦርሳው እስካሁን አልተገኘም።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው

በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት እንዲህ ያለ ጥሰት ከታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለብን። ከትናንት 8:50 ስንቆጥር ዓርብ የካቲት 13 ከቀኑ 8:50 ላይ ያልቃል።  ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬ ካልተረቀቀ የሚቀረን ነገ ሐሙስና ዓርብ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ቦርሳው እስኪገኝ እንጠብቅ የሚል ሐሳብ ትናንት ተነስቶ ነበር፤ አልስማማም። ቢገኝም እንኳ ፍላሹ በመሃል አለመከፈቱን ማረጋገጥ አንችልም።

ለእናቶቹ የሚነገርበትንም መንገድ አስቡበት። በኤስኤምኤስ መሆን የለበትም። ብዙዎቹ ስልኩን ከባል ወይም ከአማት ጋር ነው የሚጠቀሙት፣ መልእክቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣባቸዋል። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል በአካል ቢነገራቸው ይሻላል፣ መጀመሪያ ለ61ዱ። እኔም አብሬ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፤ የጠፋው በኔ እጅ ነውና እኔው ፊታቸው ቆሜ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ቀኑን ሙሉ ስልኬ ክፍት ነው። የፖሊሱን ማመልከቻ ቅጂና የአይቲውን መዝገብ ዛሬ ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ አመጣላችኋለሁ።

የመስክ መረጃ አስተባባሪ፣ ጎንደር